አክስቴን የቪዲዮ ጥሪ ያስተማርኩበት መንገድ

አክስቴ ባለሱቅ ናቸው። ልጃቸው ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ከሄደች በኋላ ስድስት ወር ሙሉ በራሳቸው የሚገናኙት በድምፅ ብቻ ነበር። ልጅቷ በቪዲዮ ስትደውል አክስቴ ስልኩን ይዘው ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ ካለሁ እከፍትላቸዋለሁ፤ ከሌለሁ ጥሪው ጮሆ ጮሆ ይዘጋል። አንድ ቀን ማታ ሱቁን እየዘጉ፣ «ልጄን ለማየት አንተን መጠበቅ ሰለቸኝ። ራሴ እንድከፍተው አድርገህ አሳየኝ» አሉኝ።

ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አሳይቻቸው ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ስልኩን ከእጃቸው ተቀብዬ፣ በራሴ ጣት ቶሎ ቶሎ ነካክቼ፣ «እንዲህ ነው፣ አዩት እትዬ?» ብያለሁ። «አዎ» ይሉኛል። በነጋታው ግን ምንም የለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የተማረው የእኔ ጣት እንጂ የእሳቸው አይደለም። ስለዚህ በሦስተኛው ላይ አንድ ደንብ አወጣሁ፤ ትምህርቱ ከተጀመረ በኋላ ስልኩ ከአክስቴ እጅ አይወጣም። እኔ በአፌ እናገራለሁ፣ እሳቸው ይነካሉ። እናቱን፣ አባቱን ወይም አያቱን ለማስተማር የተነሳ ሰው ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ይያዝ ብባል ይህንን እላለሁ።

የእሳቸው ስልክ አንድሮይድ ነው፤ የሚደዋወሉት በዋትስአፕ ነው። በሌላ ስልክ ወይም በሌላ መተግበሪያ የምልክቶቹ ቦታ ትንሽ ይለያያል፤ የትምህርቱ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው።

ከትምህርቱ በፊት

ስልኩን ለብቻዬ ይዤ የተቀመጥኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም ለተማሪ የማይሆኑ ሦስት ነገሮችን ለማስተካከል ነው።

የመጀመሪያው ፈቃድ ነው። መተግበሪያው ካሜራና ማይክሮፎን ለመጠቀም ፈቃድ ይጠይቃል። ጥያቄው ጥሪ መሀል ድንገት ብቅ ካለ ያልለመደ ሰው ይደነግጥና «Don't allow» የሚለውን ይነካል። ከዚያ በኋላ ማዶ ያለው ሰው ወይ ጥቁር ስክሪን ያያል፣ ወይ ድምፅ አይሰማም፤ ምክንያቱን ግን ማንም አያውቀውም። በአክስቴ ስልክ የሆነው ይኸው ነበር፤ ካሜራው ተከልክሎ አገኘሁት። የስልኩን Settings ከፍቼ፣ Apps ውስጥ ገብቼ፣ WhatsApp ን መርጬ፣ Permissions የሚለው ጋ Camera እና Microphone ን «Allow only while using the app» ላይ አደረግኳቸው።

ሁለተኛው ባትሪ ነው። አንዳንድ ስልክ ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ከኋላ ያሉ መተግበሪያዎችን ያስተኛል። ምልክቱን ማወቅ ቀላል ነው። ስልኩ ሳይጮህ ይውላል፤ ማታ ዋትስአፕን ሲከፍቱት ግን ያመለጡ ጥሪዎች ተደርድረው ይገኛሉ። አክስቴ «ልጄ ረሳችኝ» ብለው ያዘኑበት ሳምንት ነበር። ለካ ልጅቷ አራት ጊዜ ደውላለች። እዚያው Apps ውስጥ፣ WhatsApp ስር Battery የሚለውን ከፍታችሁ «Unrestricted» አድርጉት።

ሦስተኛው የልጅቷ ቦታ ነው። ስሟን በዋትስአፕ ዝርዝር ውስጥ ጣት አስደግፌ ይዤ፣ ላይ የሚመጣውን የመርፌ ምልክት ነካሁ። ከዚያ ወዲህ ስንት ደንበኛ መልእክት ቢልክ እሷ ሁልጊዜ አናት ላይ ናት። ልጅቷንም ፎቶዋን እንድትቀይር ለመንኳት። ከሩቅ የተነሳችው ሥዕል ላይ ከኋላዋ ያለው ሕንፃ እንጂ እሷ አትታይም ነበር። ፊቷ ሞልቶ የሚታይበትን ስታደርግ አክስቴ ስም ማንበብ ሳያስፈልጋቸው መለየት ጀመሩ።

በመጀመሪያው ቀን መቀበል ብቻ

ብዙ ሰው ማስተማር የሚጀምረው ከመደወል ነው። እኔ ከመቀበል ጀመርኩ። የሚደውለው ልጁ ስለሆነ እናት መጀመሪያ የምትፈልገው መቀበልን ነው። ደግሞም መቀበል አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

ለልምምዱ የራሴን ስልክ ይዤ ወደ ጓዳ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ይህ ለይሉኝታ አይደለም። ሁለት ስልኮች አንድ ክፍል ውስጥ በቪዲዮ ሲገናኙ የአንዱ ድምፅ በሌላው ማይክሮፎን ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ ያፏጫል። በመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ያፏጨበት ተማሪ ስልኩን ያበላሸ መስሎት እጁን ይሰበስባል። ስለዚህ አንዳችሁ ሌላ ክፍል ሁኑ።

ደወልኩ። አክስቴ አረንጓዴውን ተጫኑት። ጠበቁ። ምንም የለም። አጥብቀው ተጫኑት። አሁንም ምንም የለም። «አልሰማኝም!» ሲሉ ከጓዳ ሰማኋቸው። ስልኩ ተቆልፎ ሳለ ጥሪ ሲመጣ በእሳቸው ስልክ አረንጓዴው ምልክት የሚከፈተው ሲነካ ሳይሆን ወደ ላይ ሲገፋ ነው። ጣት ይቀመጣል፣ ሳይነሳ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ከዚያ ይነሳል። አክስቴ ይህንን የያዙት «እንደ ክብሪት መጫር ነው፣ ግን ወደ ላይ» ስላቸው ነው። አንዴ ጫሩት፣ ተከፈተ።

እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪ የሚዘለው ነገር አለ። ስልኩ ተከፍቶ ሌላ ነገር እየሠሩበት ከሆነ ጥሪው በዚያ መልክ አይመጣም። ስክሪኑ አናት ላይ እንደ ትንሽ ወረቀት ብቅ ይላል፤ ሁለት ቃል አለበት። «Answer» የሚለውን መንካት ብቻ ነው፣ መግፋት የለም። አንዱን ብቻ የለመደ ሰው ሌላው ሲመጣበት ግራ ይጋባል። ስለዚህ አምስት ጊዜ ስልኩ ተቆልፎ፣ አምስት ጊዜ ተከፍቶ ደወልኩላቸው። በአሥረኛው ላይ ሳያስቡት ከፈቱት።

ሌላው የመጀመሪያ ቀን ችግር ጆሮ ነው። አክስቴ እንደከፈቱ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጠፉት። ማታ ልጅቷ ስትደውልም እንደዚያው አደረጉ። «እማዬ፣ ጆሮሽ ብቻ ነው የሚታየኝ!» አለች። አክስቴ ስልኩን ከፊታቸው አርቀው ሲይዙት ድምፁ የሚጠፋ ይመስላቸው ነበር። አይጠፋም፤ በቪዲዮ ጥሪ ጊዜ ድምፁ የሚወጣው በትልቁ ስፒከር ነው። ክንድ ታጥፎ፣ ስልኩ ከፊት አንድ ስንዝር ተኩል ያህል ሲርቅ ፊትም ይታያል፣ ድምፅም ይሰማል።

የዚያን ቀን ትምህርት እዚህ ላይ አቆምኩ። መደወል እንዳሳያቸው ጠይቀውኝ ነበር፤ ለነገ አቆየሁት። አንድ ነገር ሳይረጋ ሌላ ከተደረበ ሁለቱም ይጠፋሉ።

መደወልና ሁለቱን ቃላት መለየት

መደወል ሦስት ንክኪ ነው። ዋትስአፕን መክፈት፣ አናት ላይ ካለው የልጅቷ ፎቶ ጎን ስሟን መንካት፣ ከዚያ ላይ በቀኝ በኩል ያለውን የቪዲዮ ካሜራ ምልክት መንካት። አንዳንድ ጊዜ «ልደውል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሺ ማለት ነው። ተሳስቶ ቢነካ ምንም ጉዳት የለውም፣ ቀዩን ነክቶ መዝጋት ይበቃል። ይህንን ሆን ብዬ አሠራኋቸው። ሦስት ጊዜ ደውለው፣ ሳልቀበል በቀዩ ዘጉት። መዝጋት የማይፈራ ሰው መንካትም አይፈራም።

ከመደወል በኋላ ያለው ነገር ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከስሟ ስር ሁለት ቃላት ይፈራረቃሉ፤ መጀመሪያ «Calling» ይላል፣ ቀጥሎ «Ringing» ይሆናል። ሁለቱን መለየት ለአክስቴ ትልቅ እረፍት ሆነላቸው። «Calling» ላይ ከቆመ የልጅቷ ስልክ ገና አልተገኘም ማለት ነው፤ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ኢንተርኔት የለውም። «Ringing» ካለ እዚያ እየጮኸ ነው፤ ካላነሳች ክፍል ውስጥ ናት፣ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ስልኩ አጠገቧ አይደለም። ድሮ ሁለቱም ለአክስቴ አንድ ነበሩ፤ «አላነሳችም» ነበር፤ ከዚያም ሐሳብ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። አሁን «Calling» ላይ ከቆመ ዘግተው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይሞክራሉ። «Ringing» ብሎ ካልተነሳ አጭር የድምፅ መልእክት ይተዋሉ።

አክስቴ የእንግሊዝኛ ፊደል ብዙም አይቀናቸውም። ሁለቱን ቃላት በሂሳብ ደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ በትልቁ ጻፍኩላቸው። ከ«Calling» ጎን ባዶ ክብ፣ ከ«Ringing» ጎን ቃጭል ሣልኩ። የሚያዩት የመጀመሪያውን ፊደል ነው፣ C ወይስ R። ይበቃል።

ሦስቱ ምልክቶች

ጥሪው ከተከፈተ በኋላ ስክሪኑ ላይ ብዙ ምልክት አለ። ሁሉንም ማስተማር አያስፈልግም። ለአክስቴ ሦስት ብቻ መረጥኩ፤ ማይክሮፎኑን፣ ካሜራውንና ቀዩን መዝጊያ። ደብተሩ ላይ ሣልናቸው፤ የሣሉት እሳቸው ናቸው።

ማይክሮፎኑ ለሱቅ ሰው በጣም ያስፈልጋል። ደንበኛ ሲገባ አክስቴ ማይክሮፎኑን ይነካሉ፤ በላዩ ላይ ሰረዝ ይሳልበታል፤ ልጅቷ የሱቁን ወሬ አትሰማም። ደንበኛው ሲወጣ እንደገና ይነካሉ፤ ሰረዙ ይጠፋል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት መመለሱን እየረሱ አሥር ደቂቃ ለብቻቸው ያወራሉ። መላው ከልጅቷ ጋር የተስማሙበት ምልክት ሆነ። እናቷ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ድምፅ ካጣች ልጅቷ እጇን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። አክስቴ ያንን ሲያዩ ሰረዙን ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ትንሽ ከቆየ ምልክቶቹ ከስክሪኑ ላይ ይሰወራሉ። ፊት ብቻ ይቀራል። አክስቴ መጀመሪያ ጊዜ «ቀዩ ጠፋብኝ፣ እንዴት ነው የምዘጋው?» ብለው ስልኩን ገልብጠው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠውት ነበር፤ ጥሪው እንዳለ። ስክሪኑን አንዴ መሀሉ ላይ ነካ ማድረግ ይመልሳቸዋል።

ስልኩ የሚቀመጥበት ቦታ

ሱቁ ውስጥ ብርሃን የሚገባው በበሩ ብቻ ነው። አክስቴ ስልኩን ይዘው ለበሩ ጀርባቸውን ሲሰጡ ፊታቸው ጥላ ብቻ ይሆናል። ካሜራው ከኋላ ያለውን ብርሃን ሲያይ ሥዕሉን ያጨልመዋል፤ ፊትም አብሮ ይጨልማል። ስለዚህ ቦታውን ገለበጥነው። ባንኮኒው ላይ ወደ በሩ ዞረው ይቀመጣሉ፣ ስልኩ ደግሞ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ይቆማል። ያኔ ብርሃኑ ፊታቸው ላይ ያርፋል። መቆሚያ አልገዛንም። አንድ ጠንካራ ካርቶን በስልኩ ውፍረት ልክ ሰንጥቄ አቆምኩት። ከፍታው ከዓይናቸው ጋር እኩል እንዲሆን ከስሩ ሁለት ደብተር አደረግን። ስልኩ ባንኮኒው ላይ ከተጋደመ ልጅቷ የምታየው አገጭና ጣሪያ ነው።

ስልኩ ከቆመ በኋላ ሁለቱም እጃቸው ነፃ ሆነ። እያወሩ ዕቃ ይቋጥራሉ፣ መልስ ይሰጣሉ። ጥሪው ከአምስት ደቂቃ ወደ ግማሽ ሰዓት የረዘመው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲበላሽ ማወቅና ማስተካከል

አንድ ማታ አክስቴ የራሳቸው ድምፅ ተመልሶ እየመጣ ይረብሻቸው ጀመር። «ስልኬ ተበላሸ» አሉ። የገደል ማሚቶ ነገር ሲያጋጥም አስታውሱ፤ የራሱን ድምፅ የሚሰማው ሰው ስልክ ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። ችግሩ ማዶ ነው። የአክስቴ ድምፅ ከልጅቷ ስፒከር ይወጣል፣ በልጅቷ ማይክሮፎን ይገባል፣ ወደ እናቷ ይመለሳል። ልጅቷ ድምፁን ቀነሰች፤ ማሚቶው ደከመ። የጆሮ ማዳመጫ ሰካች፤ ጨርሶ ጠፋ። አክስቴ የነኩት ነገር የለም።

ሥዕሉ ሲደርቅ ወይም «Reconnecting» ሲል ግን ጉዳዩ ኔትወርክ ነው። እዚህ ላይ ዘግቶ መልሶ መደወል የሁሉም ሰው ልማድ ነው። እኔ ያስተማርኳቸው ሌላ ነው፤ መጀመሪያ ካሜራውን ማጥፋት። ሥዕል ከድምፅ እጅግ የበለጠ ኢንተርኔት ስለሚፈልግ ሥዕሉ ሲነሳ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይጠራል። አንድ ደቂቃ በድምፅ ያወራሉ፣ ከዚያ ካሜራውን መልሰው ይሞክራሉ። ድምፁም ካልመጣ ያኔ ይዘጉታል። ማን መልሶ እንደሚደውል ግን አስቀድሞ መወሰን አለበት። አለዚያ ሁለቱም እኩል ይደውላሉ፤ ለሁለቱም መስመሩ የተያዘ ይሆናል። በእነሱ ቤት መልሳ የምትደውለው ልጅቷ ናት።

የዳታ ሂሳብ

አክስቴ ነጋዴ ናቸውና «ስንት ይበላል?» ብለው መጠየቃቸው አልቀረም። በግምት ከመመለስ አብረን ለካነው። ዋትስአፕ ውስጥ Settings፣ ከዚያ Storage and data፣ ከዚያ Network usage የሚለው ጋ ጥሪ የላከውና የተቀበለው ተቆጥሮ ይገኛል። ከጥሪው በፊት ሁለቱን ደምረው ደብተራቸው ላይ ጻፉ። 12 ደቂቃ በቪዲዮ አወሩ። ከጥሪው በኋላ እንደገና ደመሩ። ልዩነቱ 60 ሜጋባይት ሆነ፤ ለ12 ሲካፈል በደቂቃ 5 ነው። በማግስቱ 12 ደቂቃ በድምፅ ብቻ አወሩ፤ ልዩነቱ 6 ሜጋባይት ነበር። የእናንተ ስልክና ኔትወርክ ሌላ ቁጥር ሊያመጣ ይችላል፤ አለካኩ ግን ይኸው ነው። አክስቴ ሂሳቡን አይተው ራሳቸው ወሰኑ፤ በሥራ ቀን በድምፅ፣ በእረፍት ቀን በቪዲዮ። እዚያው Storage and data ውስጥ «Use less data for calls» የሚል አለ፤ ሲከፈት ፍጆታው ይቀንሳል፣ ሥዕሉም ትንሽ ይደበዝዛል። ሞክረውት፣ «የልጄን ፊት አታደብዝዝብኝ» ብለው አስጠፉኝ።

የሰዓቱ ነገር

በሁለቱ አገሮች መካከል የሰባት ሰዓት ልዩነት አለ። አክስቴ ሱቅ ሲዘጉ ልጅቷ ጋ ቀትር ነው፤ ምሳ ሰዓቷ። ሁሌም በዚያ ሰዓት ይደውሉ ነበር። አንድ ሳምንት ግን ቀን በቀን «Ringing» እያለ አይነሳም። አክስቴ ተጨነቁ። ነገሩ ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ ልጅቷ ያለችበት አገር ሰዓቱን በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድ ሰዓት ያዛውራል። የዚያን ሳምንት ወደ ኋላ ተመልሶ ልዩነቱ ስምንት ሆኗል። እናቷ ስትደውል ልጅቷ ገና ክፍል ውስጥ ናት።

ልዩነቱን በቃል ከመያዝ ስልኩ እንዲያሳይ ማድረግ ይሻላል። Clock የሚለውን መተግበሪያ ከፍቶ፣ World clock ውስጥ የመደመር ምልክቱን ነክቶ የልጅቷን ከተማ መጨመር ነው። ሰዓት ሲዛወር ራሱ ያስተካክላል። አክስቴ አሁን ከመደወላቸው በፊት እሱን ያያሉ።

ባለፈው እሑድ ጓዳ ዕቃ እየቆጠርኩ ነበር። ከፊት የልጅቷ ድምፅ ይሰማል፤ ከዚያ ተቆራረጠና ጠፋ። እንደ ድሮው ሊጠሩኝ ነው ብዬ ደብተሩን አስቀመጥኩ። አልጠሩኝም። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ጥርት ብሎ ተመለሰ። «ካሜራውን አጥፍቼዋለሁ፣» ይላሉ አክስቴ፣ «አንቺ ቀጥይ፣ ስለ ፈተናው ምን አሉሽ?»